ሩት ያለበት ሊሚት 0/0 ሲሰጥ፦ ኮንጁጌት፣ ፋክተር፣ መተካት ወይስ ሎፒታል?

ደብረ ማርቆስ ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳስጠና፣ ሊሚት ላይ ስንደርስ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ይሄኛው በኮንጁጌት ነው ወይስ በሌላ?» የሚጠይቀው ተማሪ ኮንጁጌት ምን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። ምልክቱን ገልብጦ ማባዛት ማንም ይችላል። የሚቸግረው ጥያቄውን አይቶ መንገዱን መምረጥ ነው። በተለይ ትምህርት ተቋርጦበት ምዕራፉን ብቻውን ሲያነብ ለከረመ ልጅ ይሄ ምርጫ ትልቅ ራስ ምታት ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው ምሳሌ የሚጀምረው መንገዱ ከተመረጠ በኋላ ነውና።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ምርጫው ነው። የማወራው x ወደ አንድ የታወቀ ቁጥር ሲጠጋ ስላለው ሊሚት ብቻ ነው። x ወደ ኢንፊኒቲ ሲሄድ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ አልነካውም።

መንገዶቹ ሁሉም በትክክል ከተሠሩ አንድ መልስ ላይ ያደርሳሉ። ደጀን ላይ የቆመ ሰው ባሕር ዳር ለመግባት በሞጣም በደብረ ማርቆስም መሄድ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ከደረሰ በኋላ ግን በሞጣ ልዙር ቢል ትርፉ ድካም ነው። የሊሚት መንገድም የሚመረጠው የቆማችሁበትን ቦታ አይታችሁ ነው። የቆማችሁበትን ቦታ የሚነግራችሁ ደግሞ ቁጥሩን መተካት ነው።

መጀመሪያ ተኩ

ሩት ስላያችሁ ብቻ ወደ ኮንጁጌት አትሩጡ። x የሚጠጋበትን ቁጥር አስገቡና ላዕሉ ስንት፣ ታህቱ ስንት እንደሚሆን ለየብቻ ጻፉ። ታህቱ ዜሮ ካልሆነ ሥራው አልቋል፤ ያገኛችሁት ቁጥር መልሱ ነው። ለምሳሌ x ወደ 5 ሲጠጋ

(√(x + 4) + 3) / (x − 1)

ላዕሉ 6፣ ታህቱ 4 ነው። መልሱ 3/2። ምንም ማባዛት አያስፈልግም።

ታህቱ ዜሮ ሆኖ ላዕሉ ዜሮ ካልሆነስ? ያኔም ኮንጁጌት አይጠቅምም። ይሄን በደንብ እንየው፤ ፈተና ላይ የሚያታልለው እሱ ነው። x አሁንም ወደ 5 እየሄደ፣

(√(x + 4) + 3) / (x − 5)

ላዕሉ 6፣ ታህቱ 0። «ሩት አለ፣ ከታች ዜሮ አለ፣ እንግዲህ ኮንጁጌት» ብሎ የሚነሳ ተማሪ ላይና ታቹን በ √(x + 4) − 3 ያባዛል። ላዕሉ x − 5 ይሆናል። ከታች ካለው x − 5 ጋር ይሰረዛል። ደስ ይላል። የቀረው ግን 1/(√(x + 4) − 3) ነው፤ 5 ን ሲያስገባ 1/0። ሊሚቱ ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ከቀኝ ወደ ፖዘቲቭ ኢንፊኒቲ፣ ከግራ ወደ ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ይሄዳል። ኮንጁጌቱ ችግሩን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ አስቀመጠው እንጂ አልፈታውም።

እንግዲህ ምርጫ የሚያስፈልገው ላይም ታችም ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ 0/0 ነው።

ኮንጁጌት የሚመረጥበት ቦታ

ኮንጁጌት የሚሠራው በአንድ ነገር ነው፤ (a − b)(a + b) = a² − b²። a ሩት ከሆነ a² ላይ ሩቱ ይጠፋል። ስለዚህ ኮንጁጌት የሚፈልገው ሁለት ቁራጭ ብቻ ያለው ቅንፍ ነው፤ ቢያንስ አንዱ ስኩዌር ሩት ሆኖ፣ ቅንፉ ሲተካ ዜሮ የሚሆን። «ዜሮ የሚሆን» የሚለውን አስምሩበት። የምታባዙት ዜሮ የሚሆነውን ቅንፍ በኮንጁጌቱ ነው። ዜሮ የማይሆን ሩት ካለ ዝም በሉት፤ አይነካችሁም።

አንዱን እስከ መጨረሻ እንሥራ። x ወደ 5 ሲጠጋ

(√(x + 4) − 3) / (x² − 25)

ብንተካ √9 − 3 = 0፣ ከታች 25 − 25 = 0። ዜሮ የሚሆነው የሩት ቅንፍ ላዕሉ ነው። ኮንጁጌቱ √(x + 4) + 3። ላይና ታቹን በእሱ እናባዛ።

ላዕሉ፦ (x + 4) − 9 = x − 5
ታህቱ፦ (x² − 25)(√(x + 4) + 3)

አሁን እጃችሁን ሰብስቡ። ላዕሉን አብዝታችሁ ጨርሱ፤ ታህቱን ግን እንዳለ ተዉት። ኮንጁጌት ያባዛነው ያ አስቸጋሪ x − 5 ከሩቱ ውስጥ እንዲወጣ ነው። ወጥቷል። የሚቀረው ከታች ያለውን አቻውን መፈለግ ነው። x² − 25 = (x − 5)(x + 5)። ሁለቱ x − 5 ይሰረዛሉ። መሰረዝ የምንችለው x ወደ 5 ይጠጋል እንጂ 5 ስለማይሆን ነው። የሚቀረው

1 / ((x + 5)(√(x + 4) + 3))

5 ን ስናስገባ 1/(10 · 6) = 1/60።

ተማሪ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ማባዛቱ ላይ አይደለም፤ ካባዛ በኋላ ነው። ታህቱንም አብዝቶ ይዘረጋዋል፤ x²√(x + 4) + 3x² − 25√(x + 4) − 75። ይሄ ውሸት አይደለም። ግን ሊሰረዝ የተዘጋጀው x − 5 አራት ቁራጭ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። 5 ን ሲያስገባ እንደገና 0/0 ያገኛል፤ «ኮንጁጌት አልሠራም» ብሎ ገጹን ይገለብጣል። ኮንጁጌቱ ሠርቷል። ያበላሸው መዘርጋቱ ነው።

ሌላው የተለመደ ስህተት ምልክቱን ሳይገለብጡ በራሱ ማባዛት ነው። (√(x + 4) − 3)² ብትዘረጉት x + 13 − 6√(x + 4) ይመጣል። ሩቱ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል። ካባዛችሁ በኋላ ላዕሉ ላይ አሁንም ሩት ካያችሁ ወይ ምልክቱን አልገለበጣችሁም ወይ ቅንፉ ከሁለት በላይ ቁራጭ አለው።

ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ ደግሞ መልሱን በዚህ ፈትሹት። 1/10 ካገኛችሁ ታህቱ ላይ ኮንጁጌቱን ማባዛት ረስታችኋል። 1/6 ካገኛችሁ x + 5 ጠፍቷችኋል። ሁለቱም ቁጥሮች ከምርጫዎቹ መሃል ቢገኙ አይግረማችሁ፤ ጥያቄ አውጪ ተማሪ የሚረሳውን ያውቃል።

«ካልኩሌተር ይዤ 5 አካባቢ ያለ ቁጥር ባስገባስ?» የሚልም አለ። ፈተና ላይ አይፈቀድም፤ ቤት ውስጥ ለማረጋገጥ ግን ይሞክሩታል። ስምንት አሃዝ ብቻ የሚያሳየው የሱቅ ካልኩሌተር ላይ x = 5.0000001 ብትሉ፣ x + 4 = 9.0000001 ነው። ሩቱ 3.0000000167 ገደማ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ቦታ ስለሌለ 3 ብቻ ይወጣል። 3 ሲቀነስ ዜሮ። መልሱ ዜሮ ነው ይላችኋል። ያንኑ ቁጥር ኮንጁጌት ከተባዛ በኋላ ባለው፣ በ 1/((x + 5)(√(x + 4) + 3)) ውስጥ ብታስገቡት ግን 0.0166666 ያወጣል፤ ይሄም 1/60 ነው። ሁለት በጣም የተቀራረቡ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ትክክለኛ አሃዞቻቸው ይጠፋሉ። ኮንጁጌቱ መቀነሱን ወደ መደመር ስለሚቀይረው አሃዙ አይጠፋም። በካልኩሌተር ማረጋገጥ የምትፈልጉ በጣም አትጠጉ፤ 5.01 ይበቃል።

ፋክተር ማድረግና መተካት የሚቀልበት ቦታ

x ወደ 9 ሲጠጋ (x − 9)/(√x − 3) ን እንውሰድ። በኮንጁጌት ይሠራል። ግን x − 9 ራሱ (√x − 3)(√x + 3) መሆኑን ያየ ሰው አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጽፈው። የሚቀረው √x + 3፣ መልሱ 6። ሁለቱ መንገዶች እዚህ ላይ በውስጣቸው አንድ ናቸው። አንዱ a² − b² ን ሠርቶ ያገኛል፤ ሌላው ያለውን ይበትነዋል። ያየ ይበትን፤ ያላየ ያባዛ። ጊዜ እንጂ መልስ አይለያይም።

ልዩነቱ የሚታየው ያው √x በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሲደጋገም ነው። x ወደ 4 ሲጠጋ

(x − 5√x + 6) / (√x − 2)

ብንተካ ላዕሉ 4 − 10 + 6 = 0፣ ታህቱም 0። ዜሮ የሚሆነው ቅንፍ ታች አለና በ √x + 2 ልናባዛ እንችላለን። ታህቱ x − 4 ይሆናል። ላዕሉ ግን (x − 5√x + 6)(√x + 2) ነው። ዘርግታችሁ ስትሰበስቡት x√x − 3x − 4√x + 12 ይመጣል። ከዚያ ሁለት ሁለቱን አቧድኖ (x − 4)(√x − 3) መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ይደረሳል፤ ግን መሃል መንገድ ላይ ብዙ ሰው ይቀራል።

እዚህ የሚሻለው u = √x ብሎ መተካት ነው። x = u² ይሆናል፤ x ወደ 4 ሲሄድ u ወደ 2 ይሄዳል። ጥያቄው

(u² − 5u + 6) / (u − 2)

ሆነ። የ9ኛ ክፍል ፋክተር ነው። (u − 2)(u − 3) ብለን እንሰርዝ፤ u − 3 ቀረ። መልሱ −1። መጨረሻ ላይ የምታስገቡት ቁጥር 2 መሆኑን አትርሱ፤ 4 የ x እንጂ የ u አይደለም። በዚህ መንገድ የምትሠሩ ልጆች ከምንም በላይ የምትሸወዱት እዚህ ጋ ነው። u = √x ብላችሁ ስትጽፉ ወዲያው ከጎኑ «u → 2» ብላችሁ ጻፉ።

መተካት የሚመረጠው እንግዲህ ሩቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው፤ ሁሉም √x፣ ወይም ሁሉም √(x + 1)። ሩቶቹ ከተለያዩ መተካት አያወጣችሁም። x ወደ 4 ሲጠጋ

(√(2x + 1) − 3) / (√x − 2)

u = √x ብትሉ ታህቱ u − 2 ይሆናል፤ ላዕሉ ግን √(2u² + 1) − 3። ሩቱ አልጠፋም። እዚህ የሚያምረው ሁለቱን መንገድ ማቀላቀል ነው። ላዕሉን በኮንጁጌቱ በ √(2x + 1) + 3 አባዙ። ላዕሉ 2x − 8 = 2(x − 4) ይሆናል። አሁን x − 4 ን (√x − 2)(√x + 2) ብላችሁ በትኑት። √x − 2 ከታች ካለው ጋር ይሰረዛል። የቀረው

2(√x + 2) / (√(2x + 1) + 3)

4 ን ስናስገባ 2 · 4 / 6 = 4/3። አንድ ኮንጁጌት፣ አንድ ፋክተር። ሁለት ኮንጁጌት ማባዛትም ይቻል ነበር፤ መልሱ አይለወጥም፤ ጽሑፉ ግን ይረዝማል።

ስኩዌር ሩትና ኪዩብ ሩት አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ በተለመደው ኮንጁጌት አትድከሙ። a² − b² ኪዩብ ሩትን አያጠፋም። x ወደ 64 ሲጠጋ (√x − 8)/(∛x − 4) ቢመጣ፣ የሁለትና የሦስት ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ስለሆነ u ን የ x ስድስተኛ ሩት እናድርገው። u ወደ 2 ይሄዳል። √x = u³፣ ∛x = u²። (u³ − 8)/(u² − 4) ሆነ። u − 2 ን ሰርዙ፤ (u² + 2u + 4)/(u + 2)። መልሱ 12/4 = 3።

ሦስት ቁራጭ ሲሆን

ኮንጁጌት ሁለት ቁራጭ ይፈልጋል ብያለሁ። ሦስት ቢሆንስ? x ወደ 1 ሲጠጋ

(√x + √(x + 3) − 3) / (x − 1)

ብንተካ 1 + 2 − 3 = 0፣ ታህቱም 0። ይሄን ጥያቄ የምወደው የሁለት መንገድን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው።

አንደኛው መንገድ ሁለቱን ሩት እንደ አንድ ቁራጭ ቆጥሮ በ √x + √(x + 3) + 3 ማባዛት ነው። ላዕሉ 2x + 3 + 2√(x² + 3x) − 9 ይሆናል፤ ማለትም 2[(x − 3) + √(x² + 3x)]። ሩቱ አልጠፋም፤ ቅንፉም 1 ላይ አሁንም ዜሮ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ኮንጁጌት፤ በ √(x² + 3x) − (x − 3)። አሁን ላዕሉ 2[(x² + 3x) − (x − 3)²] = 18(x − 1) ሆነ። x − 1 ተሰረዘ። ከታች የቀሩት ሁለት ቅንፎች 1 ላይ 6 እና 4 ናቸው። 18/24 = 3/4። ደረስን፤ ግን ስንት ቦታ ላይ ምልክት ሊጠፋ ይችል ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ከማባዛት በፊት ያንን −3 ን ማካፈል ነው። √x 1 ላይ 1 ይሆናል። √(x + 3) ደግሞ 2 ይሆናል። 3 ን ለሁለቱ እንደየድርሻቸው እንስጣቸው፤ −1 ለመጀመሪያው፣ −2 ለሁለተኛው። ጥያቄው

(√x − 1)/(x − 1) + (√(x + 3) − 2)/(x − 1)

ሆነ። ሁለቱም ሁለት ቁራጭ ናቸው፤ ሁለቱም 0/0 ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ አንድ ኮንጁጌት ይፈታሉ። የመጀመሪያው 1/(√x + 1)፣ 1 ላይ 1/2። ሁለተኛው 1/(√(x + 3) + 2)፣ 1 ላይ 1/4። ድምሩ 3/4።

ቋሚውን ቁጥር ስትከፍሉ እያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻው ዜሮ እንዲሆን አድርጋችሁ ክፈሉ። ለ √x −2፣ ለ √(x + 3) −1 ብትሰጡ ድምሩ ያው −3 ነው፤ ግን እያንዳንዱ ክፍልፋይ ለብቻው ሊሚት አይኖረውም። ሊሚትን በድምር ላይ ማከፋፈል የሚቻለው ሁለቱም ሊሚት ሲኖራቸው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ መክፈል ሳይሆን ማቧደን ይሻላል። x ወደ 0 ሲጠጋ

(√(1 + x) − 1 − x/2) / x²

ይሄን (√(1 + x) − 1)/x² ሲቀነስ (x/2)/x² ብትከፍሉት ሁለቱም ወደ ኢንፊኒቲ ይበራሉ። ታህቱ x² ስለሆነ ላዕሉ ላይ x አንድ ጊዜ ብቻ ማውጣት አይበቃም። ይልቅ 1 + x/2 ን እንደ አንድ ቁራጭ ያዙት። የ √(1 + x) − (1 + x/2) ኮንጁጌት √(1 + x) + (1 + x/2) ነው። ላዕሉ (1 + x) − (1 + x + x²/4) = −x²/4 ይሆናል። x² ተሰረዘ። የቀረው −1/4 ለ √(1 + x) + 1 + x/2 ሲካፈል ነው፤ 0 ላይ −1/8።

ለመምረጥ ታህቱን እዩ። ታህቱ x − 1 ዓይነት ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ዜሮ የሚሆን ከሆነ ክፈሉ። x² ወይም (x − 1)² ከሆነ አቧድኑ።

ሎፒታልስ?

ሎፒታልን ብዙ ተማሪ የሚሰማው ከጓደኛው ወይም ከታላቅ ወንድሙ ነው። «ላይና ታቹን ለየብቻ ዴሪቬቲቭ አድርግና ተካ» ይባላል። ደንቡ በፈረንሳዊው ማርኪ ደ ሎፒታል ስም ይጠራል፤ እሱ በ1696 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ደንቡን ያገኘው ግን ያስተማረው ዮሐን በርኑሊ ነው።

እውነት ለመናገር ሩት ላይ ሎፒታል ፈጣን ነው። x ወደ 3 ሲጠጋ

(√(x + 6) − 3) / (√(x + 1) − 2)

በኮንጁጌት ሁለት ጊዜ ማባዛት አለባችሁ፤ አንዴ ለላዕሉ፣ አንዴ ለታህቱ። ሁለቱም x − 3 ይሰጣሉ፤ ይሰረዛሉ፤ የቀረው (√(x + 1) + 2)/(√(x + 6) + 3)፣ ማለትም 4/6 = 2/3። በሎፒታል የላዕሉ ዴሪቬቲቭ 3 ላይ 1/6፣ የታህቱ 1/4። 1/6 ለ 1/4 ሲካፈል ያው 2/3። ዴሪቬቲቭ ለሚያውቅ ሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። ምርጫ ያለው ፈተና ላይ ተጠቀሙበት፤ አልከለክልም።

ሦስት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ 0/0 ሳይሆን ከተጠቀማችሁ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል። መጀመሪያ ላይ ያየነው (√(x + 4) + 3)/(x − 1) 5 ላይ 3/2 ነው። ሎፒታል ብትሉት 1/6 ይላችኋል። የሚያስጠነቅቅ ምልክት የለም። ኮንጁጌት ግን ባልተገባ ቦታ ብትጠቀሙበት ጊዜ ይበላል እንጂ መልስ አይቀይርም፤ የምታባዙት በ 1 ነውና። ለማይተማመን ተማሪ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሁለተኛ፣ x² ከታች ሲኖር ሎፒታል መደገም አለበት። የ −1/8 ጥያቄን ሞክሩት። አንዴ ዴሪቬቲቭ ስታደርጉ (1/(2√(1 + x)) − 1/2)/(2x) ይመጣል፤ አሁንም 0/0። ሁለተኛው ላይ የሩት ዴሪቬቲቭ ዴሪቬቲቭ ያስፈልጋል። እዚህ ኮንጁጌት ያሸንፋል።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ራሱ የዴሪቬቲቭ ትርጉም ሲሆን። h ወደ 0 ሲጠጋ (√(9 + h) − 3)/h ን በሎፒታል መሥራት ክብ መዞር ነው። ይሄ ሊሚት የ √x ዴሪቬቲቭ 9 ላይ ማለት ነው። የ √x ዴሪቬቲቭ 1/(2√x) መሆኑ ደግሞ የተገኘው እንዲህ ነው፤ (√(x + h) − √x)/h ን በኮንጁጌት ሲያባዙት 1/(√(x + h) + √x) ይቀራል፤ h ወደ 0 ሲሄድ 1/(2√x)። ስለዚህ «በዴሪቬቲቭ ትርጉም አሳይ» ከተባለ ያለው መንገድ ኮንጁጌት ነው። «መልሱን ምረጥ» ከተባለ ግን ቅርጹን አውቃችሁ በቀጥታ 1/6 በሉ፤ ማባዛትም አያስፈልግም።

ሁሉም የማይሠሩበት

x ወደ 2 ሲጠጋ √(x² − 4x + 4)/(x − 2)። 0/0 ነው፤ ሩት አለው። ግን ከሩቱ ጋር የሚቀነስ ነገር የለም፤ ስለዚህ ኮንጁጌት የለውም። ሎፒታል ብትሉ (x − 2)/√(x² − 4x + 4) ይሰጣችኋል፤ ጥያቄው ተገልብጦ ተመለሰ። ሩቱ ውስጥ ያለውን ተመልከቱት፤ (x − 2)² ነው። ሩቱ ደግሞ |x − 2| እንጂ x − 2 አይደለም። ከ 2 በቀኝ ክፍልፋዩ 1 ነው፤ በግራ −1። ሊሚት የለውም። ሩቱን ዝም ብሎ x − 2 አድርጎ የሰረዘ ተማሪ «1» ብሎ ያልፋል። ሩቱ ውስጥ ሙሉ ካሬ ካያችሁ ሁልጊዜ ግራና ቀኙን ለየብቻ ሥሩ።